ሁለቴ ሲደወል

ሙጂባን መድረክ ላይ ሳሞግሳት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ፈርቼላት ነው። የእህቴ ልጅ ናት። ጅዳ ሠርታ ከተመለሰች ወዲህ የሐይቅ ከተማ ወጣቶችን የክርክር ክበብ ትመራለች።

ባለፈው፣ ዓሣ በሚራባበት ወራት ማስገር ይቁም አይቁም ልንባባል ተሰብስበን፣ ሼህ ሙሐዲን ምርቃቱን ከንግግር አገናኝተው እስከ ቀትሩ ዙሁር ሰላት ዘለቁ። ሽማግሌ ማን ያቋርጣል? እኛ “አሚን” ስንል አስጋሪዎቹ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ወጡ። በዓሣ ቤተሰቡን የሚያሳድረው ሙነወር “ዛሬም ካልተሰማን ዳግመኛ አታዩንም” ብሎኛል።

ዛሬ እንግዲህ አወያይዋ ሙጂባ ናት። አዳራሹ ግን ገና ሳይጀመር ያጉረመርማል። “ይቺ ልጅ ሼኹን ልታስቆም? አጃኢብ!”

እኔ መድረክ መሪ ነኝ፤ ሦስት ደቂቃ ሰጥታኛለች። ማይኩን ያዝኩ።

“ጀማው፣ ስሙኝ! ከሁለቱም ወገን እያንዳንዱ ተናጋሪ አራት ደቂቃ አለው። ደወሉ አንዴ ሲደወል አንድ ደቂቃ ቀርቶታል ማለት ነው፤ ሁለቴ ሲደወል ያበቃል። ሰው ሲናገር ጭብጨባም ‘አሚን’ም የለም። ጥያቄ በመጨረሻ ነው፣ ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ። አወያይዋ ለማንም አታደላም፣ የራሷንም ሐሳብ አትሰጥም።”

“ለሽማግሌም ይደወላል?” አለ አንዱ ከኋላ።

“ለማንም!” አልኩ። እዚያ ላይ ማብቃት ነበረብኝ። ምላስ አጥንት የለው! ማን እንደሆነች ይወቁልኝ ብዬ ልጅነቷን፣ አባቷን፣ የጅዳ ኑሮዋን መዘርዘር ጀመርኩ። ደወሉ አንዴ ተደወለ። ሙጂባ እየሞከረችው መስሎኝ ቀጠልኩ። ደግማ ሁለቴ ደወለች።

“አንዲት ነገር ብቻ…”

“አጎቴ፣ ሰዓትዎ አልቋል። ይቀመጡ።”

ወላሂ ፊቴ ነደደ! አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ! ቆጣ ልል አፌን ስከፍት ከሙነወር ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ለመሄድ ብድግ ብሎ፣ የምሆነውን እያየ ነው። ማይኩን አስረክቤ ተቀመጥኩ። እሱም ተቀመጠ።

ሼህ ሙሐዲን ሳቅ አሉ። “የገዛ አጎቷን ካስቀመጠች እኔንማ ምን ትምረኝ!” ማስገር ይቁም ባይ ናቸውና ቀድመው ተናገሩ። ሁለቴ ሲደወል ቃላቸውን ከመካከል ቆርጠው፣ “እሺ ልጄ” ብለው ቁጭ አሉ። እንዲህ ያለ ነገር በሐይቅ አይቼ አላውቅም።

ሙነወር ተነሣ። ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ።

“ዓሣው እንዲያልቅ እኛም አንሻም። ይቁም ካላችሁ ይቁም። ግን በእነዚያ ወራት ልጆቼ ምን ይብሉ? ይህን አብራችሁን አስቡልን። ሌላ የለኝም።”

ሼኹ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። ሙጂባ ደወሉን እንደያዘች ቀረች፤ ሙነወር ከተሰጠው ጊዜ ግማሹን እንኳ አልነካም። ለዚህችው አጭር ንግግር ጊዜ ነፍገን ነበር ባለፈው ሳንሰማው የሸኘነው።