መደዳ ሰባት ባዶ ነው

የመጋዘኑን ኃላፊ ሠራተኞቹ ከጀርባው «ማህተም» ይሉታል። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም፤ ዋናው ደረሰኝ እጁ ካልገባ፣ አገላብጦ ካላየውና «ተሰርዟል» የሚለውን ማህተም ካላሳረፈበት በቀር አንዲት ጆንያ ከበር አታልፍም። ነጋዴ ሲለማመጠው «እናቴም ብትመጣ ወረቀቷን ትያዝ» ይላል። እናቱ ከሞቱ አሥር ዓመት ስላለፋቸው እንዲህ ማለቱ ብዙ አይከብደውም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የዘይት መጭመቂያ ያላት ሴት ከሁለት ሹፌሮች ጋር ገባች። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ሰሊጤን ልወስድ ነው። ማሽኖቼ ሥራ ፈትተው ቆመዋል» አለችና ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

መቶ ስድሳ ጆንያ ነጭ ሰሊጥ፣ አንደኛ ደረጃ፣ መደዳ ሰባት። ከታች ያለው የራሱ ፊርማ ነው። ያስቀማጩ ስም ላይ ሲደርስ ግን ክው አለ፤ የሚስቱ ወንድም ነው። ጀርባውን ገለበጠ። ሰሊጡ ለዚህች ሴት እንዲሰጥ የሚያዝ ጽሑፍና የአማቹ ፊርማ ሰፍሮበታል። የተፈረመው ባለፈው ሰኞ፣ ከስምንት ቀን በፊት ነው።

አማቹ ግን ሰሊጡን ሐሙስ ዕለት ወስዶታል። በሁለት ትልልቅ መኪና መጥቶ «ወረቀቱ ቤት መሳቢያ ውስጥ ቀርቶብኛል፤ ነገ በጠዋት አመጣልሃለሁ። እኔን አታምነኝም እንዴ?» ብሎት ነበር። በሃያ ዓመት ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ደረሰኝ አስወጣ። ዓርብ ወረቀቱ አልመጣም። ቅዳሜም አልመጣም። ዘመድ አዝማድ ነውና ደውሎ ለመጠየቅ አፈረ።

አዲስ ለሚቀጠሩት ደንቡን የሚያስተምረው እሱ ራሱ ነው። መጋዘን የሰው ንብረት ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለም። እንዲህ ያለው ደረሰኝ በጀርባው እየተፈረመ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል፤ በደንቡ ተፈርሞለት ወረቀቱን የያዘ ንብረቱን ይረከባል። ጠፋብኝ ያለ ሰው እንኳ የፍርድ ቤት ትእዛዝና ዋስትና ሳያቀርብ አንዲት ፍሬ አይወስድም። ይህን ሁሉ እያወቀ አማቹን በፈገግታ ሸኝቶታል። አሁን «አንዴ ጠብቂኝ፣ እህቴ» ብሎ ወጣ።

ሥራ አስኪያጁን ኮሪደር ላይ አግኝቶ ነገረው። ሥራ አስኪያጁ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መደዳ ስምንትም ያው አንደኛ ደረጃ ነው። ከዚያ አውጣላትና ጉዱን እንሸፍነው።»

«መደዳ ስምንትም እኮ ባለቤት አለው!»

«ታዲያ ምን ይሻላል? ኢንሹራንሳችን ለእሳት እንጂ ለዝምድና አይከፍልም።»

ጥግ ይዞ ወደ አማቹ ደወለ። «ሰውዬ፣ ደረሰኙን ሸጠህ ነው እንዴ ሰሊጡን የወሰድከው?»

«ቸግሮኝ ነው» አለ አማቹ። «ሌላ መጋዘን ባስገባው ወረቀት ይጠይቁኛል። አንተ ግን እንደማትጠይቀኝ አውቅ ነበር። ከመጀመሪያውም እናንተ ጋ ያስገባሁት ለዚሁ ነው።»

ከመጀመሪያውም! ኃላፊው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሰሊጡ የገባ ቀን አብረው ስቀው ነበር፤ ጆንያዎቹን በየተራ ወግተው ናሙና ሲያወጡ አማቹ የልጆቹን ደኅንነት ይጠይቀው ነበር። ሰው እንዲህ ይጨክናል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ተመልሶ ሴትየዋን ወደ ውስጥ ወሰዳት። መደዳ ሰባት ላይ የእንጨት ርብራቡ ባዶውን ተዘርግቷል፤ ወለሉ ላይ የተበተነ ፍሬ አለ። ሴትየዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«የኔ ሰሊጥ የት አለ?»

«ያለ ደረሰኝ አስወጥቼዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ወረቀቱን ለማንም እንዳትሰጪ፤ ለኔም ቢሆን። ደረሰኙ በእጅሽ እስካለ ድረስ ድርጅቱ ይጠየቅልሻል።»

«ያለ ደረሰኝ? እርስዎ? ሰው ሁሉ የእርስዎን ደረሰኝ ሳትፈሪ ግዢ ያለኝ እኮ በዚህ ነው!»

ቢሮ ገብቶ ያደረገውን ሁሉ በወረቀት ላይ አሰፈረና ፈረመበት፤ አንዱን ቅጂ ለእሷ ሰጣት። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። ኃላፊው ከዚያ ለሚስቱ ደወለ፤ ከሌላ ሰው እንድትሰማ አልፈለገም። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራት።

«ስሙን ጻፍከው?» አለች።

«ጻፍኩት።»

«የወንድሜን ስም?»

«አዎ።»

ስልኩ ተዘጋ።