ለዊልፍ የተመረጠው የውድድር ዘመን

ከምነግራችሁ ነገር ውስጥ አንዲት የውሸት ቃል ከተገኘች ምላሴ እዚሁ ድንጋይ ይሁን። ዴዝሞንድ ፒክልስ እባላለሁ፤ የክሮፍተንሾ ታውን እግር ኳስ ክለብ የቁጥር ሰው ነኝ። ክለባችን በእንግሊዝ አራተኛው እርከን ነው የሚጫወተው፤ እሱንም በጥርሱ ነክሶ። ቢሮዬ ከማሊያ ማጠቢያው ጎን ናት፤ ማጠቢያው ሲሽከረከር ጠረጴዛዬም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ግን ከዚያች ክፍል የሚወጣው ትንበያ በመላው ሰሜን እንግሊዝ አሰልጣኝ እንቅልፍ ይነሳ ነበር። ትልልቆቹ ክለቦች ሊወስዱኝ ስንቴ ለምነውኛል! ሻያችሁ ቀጭን ነው ብዬ መለስኳቸው።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ሰኞ ሰኞ የሃያ አራቱን ቡድኖች የማጥቃትና የመከላከል አቅም ካለፉት ጨዋታዎች አሰላለሁ፤ በሜዳው ለሚጫወተው ትንሽ እጨምርለታለሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩ የቀሩትን ጨዋታዎች አንድ በአንድ በዕጣ ያጫውታል። ጠንካራው ብዙ ጊዜ ያሸንፋል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ ዕጣ ነዋ። የመጨረሻው ጨዋታ ሲያልቅ ሰንጠረዡን ይሠራና ማን ሻምፒዮን እንደሆነ፣ ማን ለማደጊያው ማጣሪያ እንዳለፈ፣ ማን እንደወረደ ይመዘግባል። ከዚያ ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና ከዛሬው ነጥብ ይጀምራል። አሥር ሺህ ጊዜ። ከአሥሩ ሺህ በስንቱ እንደወረድን ቆጥሬ ለከተማው ጋዜጣ በመቶኛ እሰጣለሁ።

ይህን ነገር ከሣር ጠባቂያችን ከዊልፍ ኢንትዊስል በላይ የሚጠላው ሰው አልነበረም። ሰኞ ሰኞ ግን እሱን ሳይሰማ ወደ ሜዳ አይወርድም። ጭቃ የበላ ጫማውን ደጃፌ ላይ አውልቆ በካልሲው ይገባል።

«እሺ ነቢይ፣ ዛሬስ ስንት ጊዜ ገደልከን?»

«ከመቶው በሰማንያ ዘጠኙ ወርደናል።»

«አንተ እኮ ኳስ ረግጠህ የማታውቅ ሰው ነህ። ሆድህ ራሱ ኳስ ሆኖ ሳለ ሌላ ኳስ ምን ያደርግልሃል!»

«በወጣትነቴ ሦስት ክለቦች ሊያስፈርሙኝ ነበር» እለዋለሁ።

«ለጎል ቋሚነት ነው?» ብሎ ሻዬን አንስቶ ይጠጣዋል።

መጋቢት ላይ ስምንት ጨዋታ ሲቀረን ሃያ ሦስተኛ ነበርን። ሁለት ቡድን ይወርዳል። ከኛ በላይ ያለው ጎረቤታችን ሄልምዴል በአራት ነጥብ ይበልጠናል፤ የመጨረሻው ጨዋታ ደግሞ ከእነሱው ጋር፣ በሜዳችን፣ በዊልፍ ሣር ላይ ነው። ዊልፍ ግን በዚያ ሰሞን ሣሩን ለሌላ ሰው አስረክቦ ነበር። ሳንባው ነው። ከተማው ዳር ባለችው የማይድኑ ሕሙማን ማረፊያ አስገቡት፤ ከአልጋው ሲታይ ሜዳው ሳይሆን የሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያ ነው የሚታየው። «ሣር እንኳ አልዘሩበት» እያለ ይሰድባቸዋል።

አንድ እሁድ ልጠይቀው ሄድኩ። ልጁ ጃኒስ ከራስጌው ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች፤ እሱ አይበላም፣ እሷም አትበላም፣ ዝም ብላ ትልጣለች። ቁጥሩን ጠየቀኝ።

«የመትረፍ ዕድላችን ከመቶ አሥራ አንድ ነው» አልኩት። ለታመመ ሰው ብዬ አልጨመርኩም። እኔ በቁጥር አልዋሽም።

ጣሪያውን አየ። ትንፋሹ ፉጨት አለው።

«ዴዝ፣ እነዚያ አሥራ አንዱ፣ የተረፍንባቸው፣ ምን ይመስላሉ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ማሽንህ ተጫውቷቸዋል አይደል? ከመጀመሪያው ጨዋታ እስከ መጨረሻው?»

«ተጫውቷቸዋል።»

«እንግዲያው አንዷን አምጣልኝ። እኔ ግንቦትን አላይም። አታልቅሺ ጃኒስ፣ ብርቱካኑን አበላሸሽው። ግንቦትን አላይም፤ ስለዚህ የኔን ግንቦት አምጣና አንብብልኝ፤ ጨዋታ በጨዋታ። ግን አንዲት ውጤት እንዳትነካ! ዕጣው ያወጣውን ብቻ። ፈጥረህ ካመጣህ አውቅብሃለሁ።»

«ከአሥራ አንዱ አንዷ መሆኗን ግን ታውቃለህ» አልኩት። «ሰማንያ ዘጠኙም አሉ።»

«ሰማንያ ዘጠኙን ሌላ ሰው ይያቸው። እኔ የራሴን ልይ።»

ወገኖቼ፣ በዚህ ምድር ላይ ከዚህ የከበደ ሥራ የተሰጠው የቁጥር ሰው የለም። መጀመሪያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ኮምፒውተሬ የሚያስቀምጠው የመጨረሻውን ቆጠራ ብቻ ነው። ስንት ጊዜ ተረፍን የሚለውን ይነግረኛል፤ እንዴት ተረፍን የሚለውን ግን እየጣለ ነው የሚሄደው። እነዚያ በሺህ የሚቆጠሩ የተረፍንባቸው ዘመኖች ሁሉ ተጫውተው፣ ተደስተንባቸው፣ ጠፍተዋል። እናም ፕሮግራሙን እያንዳንዷን ውጤት እንዲይዝ አድርጌ እንደገና ጻፍኩት። ለጋዜጣው አሥር ሺህ ይበቃል፤ ለዊልፍ ሚሊዮን አጫወትኩ። ማጠቢያው እንኳ ከኮምፒውተሩ ሙቀት የተነሳ ማሊያዎቹን ሳይጨመቁ አደረቃቸው፤ የማያምን ማሊያ አጣቢዋን ይጠይቅ።

ማጫወቱ ሻይ እስኪፈላ ነው ያለቀው። የፈጀኝ መምረጡ ነው። መትረፍ ሁሉ አንድ አይደለም። በአንዱ ዘመን እኛ አራት ተከታታይ ጨዋታ ተሸንፈን ሄልምዴል ከኛ ብሶ ወረደ፤ ያንን ዘመን ለዊልፍ ባነብለት የሽንት መሰብሰቢያውን ይወረውርብኝ ነበር። በሌላው መሪውን ቡድን በሜዳው ስድስት ለባዶ አሸነፍን፤ ዕጣ ነው፣ ይወጣል፣ ግን ዊልፍ «ፈጠርከው» ይለኛል። ስለዚህ በመጨረሻው ቀን ሄልምዴልን አሸንፈን የተረፍንባቸውን ብቻ ለየሁ። እነሱንም በዓይኔ አነበብኩ፣ ገጽ በገጽ። ስልኬን ዘጋሁ። ምሳ ረሳሁ፤ እኔ ምሳ ስረሳ ምን ማለት እንደሆነ ክለቡ በሙሉ ያውቃል። አንዷ ጥሩ ትሆንና መሃሏ ላይ አምስት ለባዶ እንሸነፋለን፤ እጥላታለሁ። ሌላዋ ታምርና ሄልምዴል በመጨረሻው ቀን ሳይሆን ከዚያ በፊት ያበቃለታል፤ እጥላታለሁ። ለሱ የሚገባው ከሁሉም የተሻለው ነበር።

በመጨረሻ አገኘኋት። ቅዳሜ ከሰዓት ይዣት ገባሁ።

ዊልፍ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ፀጉሩ ተበጥሯል። ነርሶቹ ሥራቸውን ትተው በሩ ላይ ቆሙ። ውጭ ሲጥል የነበረው ዝናብ ራሱ ቆመ። ማንበብ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ጨዋታ አንድ ለባዶ ተሸነፍን። ዊልፍ «ይሄማ እውነት ነው፣ እኛው ነን!» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ አቻ። ቀጥሎ ሁለት ለአንድ አሸነፍን፤ ሄልምዴል ተሸነፈ። እጄን ያዘኝ። እንዲህ እያልን፣ አንዴ ስንነሳ አንዴ ስንወድቅ፣ የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ሄልምዴሎች በሁለት ነጥብ ይበልጡናል። ካሸነፍን በአንድ ነጥብ እናልፋቸዋለን፤ አቻ ከወጣን ወርደናል።

«አንብብ እንጂ» አለኝ።

«ክሮፍተንሾ አንድ፣ ሄልምዴል ዜሮ።»

ከዚያ ቀስ ብሎ፣

«ማን አገባት?» አለኝ።

ማሽኑ ያንን አያውቅም። ስንት ግብ እንደገባ እንጂ ማን እንዳገባ፣ በስንተኛው ደቂቃ እንደገባች አያወጣም። ይህንኑ ነገርኩት።

«እንግዲያው እኔ ልንገርህ» አለ ዊልፍ። «በረኛው ነው ያገባት። የኛው በረኛ። ከራሱ የግብ ክልል ለገላት፤ በደቡቡ በኩል፣ ያ ሁልጊዜ ውሃ የሚቋጥረው ቦታ ላይ ነጠረች፤ የነሱን በረኛ አልፋው ገባች። እኔ ነኝ ያንን ቦታ ሳልደለድል የተውኩት።» ዓይኑን ጨፈነ። እንዲህ እያለ፣ እጄን እንደያዘ፣ ሻምፒዮን እንደሆነ ሰው ፈገግ ብሎ ሄደ። ዶክተሩ ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ሞት አላየሁም ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። ባርኔጣ ነበረው፣ አዎ።

እውነተኛው ግንቦት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከሰማንያ ዘጠኙ አንዱ ነው የወጣው። የመጨረሻው ጨዋታ ሳይደርስ ወረድን፤ ሄልምዴሎች ሜዳችን ላይ እየዘፈኑ ዞሩበት።

ይህን ታሪክ በደጋፊዎች ማኅበር መጠጥ ቤት ደጋግሜ ነግሬያለሁ፤ ሰው ሁሉ ያለቅሳል፤ ቢራም ይጋብዘኛል። ባለፈው ሳምንትም እየነገርኩ ነበር። በረኛው ጋ ስደርስ የጥጉ ጠረጴዛ ላይ ጃኒስ መቀመጧን አየሁ። ከቀብሩ ወዲህ እዚያ ቤት መጥታ አታውቅም።

«ጃኒስ ትመስክር!» አልኩ ብርጭቆዬን ከፍ አድርጌ። «እዚያው ነበረች። ጃኒስ፣ አባትሽ ፈገግ አላለም?»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ የተቆጣችም አትመስልም።

«ዴዝ» አለች፣ «አባቴ እኮ ሐሙስ ጠዋት ነው የሞተው። ማክሰኞም ረቡዕም መጣ ወይ እያለ ሲጠይቀኝ ነበር፤ ስደውልልህ ስልክህ ዝግ ነው። አንተ ቅዳሜ ስትመጣ አልጋው ተነጥፎ ነበር። እኔ ዕቃውን እየሰበሰብኩ ነው ያገኘኸኝ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥክና ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምረህ አነበብክ። ተው አላልኩህም። ማን አገባት ብዬ የጠየቅሁህም እኔ ነኝ።»