ባዮሱን ማን ነካው?

ማክሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ እንደ ወፍጮ ሲያጓራ ማዕዛ ደሟ ፈላ። ይሄ ስንተኛው ነው!

እሷና ታናሽ ወንድሟ ሃይላይ ካዛንቺስ፣ በአባታቸው በአቶ አብርሃ ቤት፣ በአንድ ኮምፒውተር ሁለት እንጀራ ይበላሉ። እሷ ለአንድ ማስታወቂያ ድርጅት ድምጿን ትቀርጻለች፤ እሱ ለአርክቴክቶች የሕንፃ ምስል ይሠራል። ያጣላቸው ማሽኑን የሚያቀዘቅዘው ፋን ነው። የእሱ ሥራ ማሽኑን ስለሚያግለው ፋኑ በኃይል መሽከርከር አለበት። የእሷ ማይክ ደግሞ የፋኑን ድምፅ ከያዘ ቀረጻው አለቀለት፤ ድርጅቱ ሁለቴ መልሶባታል፣ ሦስተኛ የለም ብሏታል።

የመጀመሪያው ጥፋት የእሷ ነበር። አንድ ጠዋት ባዮስ የሚባለው የማሽኑ ዋና ማስተካከያ ውስጥ ገብታ ፋኑ እስከ ሰባ ዲግሪ ድረስ ከሃያ ፐርሰንት እንዳያልፍ አሰረችው። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት፣ የሃይላይ ምስል ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ማሽኑ ግሎ ድርግም አለ። ጮኸባት፤ እውነቱን ነበር። በኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠው ልኩን አወጡ፦ እስከ ሃምሳ ዲግሪ ሠላሳ ፐርሰንት፣ ከዚያ ከሙቀቱ ጋር እየጨመረ ሰባ አምስት ዲግሪ ላይ መቶ። እሷ ስትቀርጽ ሙቀቱ ከአርባ አምስት ስለማያልፍ ፋኑ አይሰማም፤ እሱ ሲሠራ ይጮሃል፣ ማሽኑም አይጠፋም። ሴቭ አድርገው፣ ማንም እንዳይነካው ተማማሉ።

በማግስቱ ግን ያጓራ ነበር። ባዮስ ስትገባ ያወጡት ልክ የለም፤ ፋኑ ሙሉ ኃይሉ ላይ ነው። መለሰችው። በነጋታው ልኩ ደግሞ ጠፋ። ንዴቷ አናቷ ላይ ወጣና ባዮሱን በፓስዎርድ ቆለፈችው። ይኸው ማክሰኞ ፋኑ ያጓራል፣ ባዮሱም ፓስዎርድ አልጠየቃትም። ሽፋኑን ፈትቶ ፓስዎርድ ማጥፋት የሚያውቅ በዚያ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነው።

«አንተ! ፓስዎርዱን እንዴት አጠፋኸው?»

«የምን ፓስዎርድ? ማለቴ... መቆለፍሽንም አላውቅም!»

«አትዋሸኝ! ለራስህ ሥራ ስትል ነው!»

«ማዕዚ፣ አልነካሁም። በእማማ አፅም!»

«የእማማን አፅም ለውሸት አታንሳ! ሌባ! እንጀራዬን ከአፌ የምትነጥቅ ሌባ!»

አባታቸው በር ላይ ቆመው ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማዕዛ እያወቀችም አልመለሰችውም፣ እንዲያውም ደገመችው። ሃይላይ ልብሱን በቦርሳ ጠቅጥቆ ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ጓደኛው ደጋጋ ዘንድ ሄደ። እሷም ገላገለኝ አለች።

ረቡዕ ጠዋት ፋኑ አጓራ። ወንድሟ በሌለበት ቤት። ልኩን አስገብታ ቀረጸች። ሐሙስም አጓራ።

ዓርብ ከአባቷ ቀድማ ተነሳች። አቶ አብርሃ ሁሌም ቀድመው ከፍተው መዝሙር ያዳምጣሉ። መብራት ማቀዝቀዣቸውን ካቃጠለው ወዲህ ማታ ማታ የኮምፒውተሩን ገመድ ከግድግዳው ይነቅላሉ፣ ጠዋት ይሰካሉ። ሰኩት፣ ከፈቱት። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ። አባቷ ሳያነቡ አንድ ቁልፍ ተጫኑ፣ ጽሑፉም ጠፋ።

«አባባ፣ ምንድን ነው የተጫኑት?»

«ኤፍ ዋን ነዋ! ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ይመጣል። እንግሊዝኛ ከመጣብዎት ኤፍ ዋን ይጫኑ ብሎ ያስተማረኝ ሃይላይ ነው።»

አጥፍታ ነቀለችው፤ ቆይታ ሰክታ ከፈተችው። ጽሑፉ መጣ። የባዮሱ ባትሪ ሞቷል፣ ሁሉም ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረው ልክ ተመልሷል ይላል። ገመዱ በተነቀለ ቁጥር ልኩም፣ ፓስዎርዱም፣ ቀኑም ይጠፋል ማለት ነው። ቀኑስ ቢሆን በዚያ ቤት የኮምፒውተሩን የፈረንጅ ቀን ማን ያያል?

አባቷ ላይ መጮኽ አማራት፤ ግን ተወችው። በገዛ ራሷ ነው የተናደደችው፣ ያ ንዴት ደግሞ አይወጣላትም። ሳንቲም የምታህለውን ባትሪ ገዝታ፣ ሻጩ እንዳሳያት ሽፋኑን ፈትታ ቀየረች፣ ልኩን አስገባች፣ ገመዱን ነቅላ ሰካች። ልኩ አልጠፋም፤ ፋኑም ዝም አለ። ስልኳን አነሳች።

«ሃይላይ፣ የባዮሱ ባትሪ ነው! አንተ አይደለህም! አባባ ማታ ማታ ሲነቅሉት...»

«በእማማ አፅም ምዬልሽ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ይቅር በለኝ። አሁን አምኜሃለሁ።»

«ያመንሽው ባትሪውን ነው» አለና ዘጋው።

ደግማ ደወለች። አላነሳም።