ከትሪው የራቅሁበት ዓመት

ዶክተሯ ምሳ ለመብላት ምን ያህል እንደሚፈጅብኝ ጠየቀችኝ። አንድ ሰዓት አልኳት። ሥጋና ዳቦ ደረቴ ላይ ይቀራል፤ በውሃ ካልገፋሁት አይወርድም። ከልጅነቴ አስም አለብኝ፣ የጨርቅ ብናኝም ያስነጥሰኛል፤ ከዚህ ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም።

«የምግብ መውረጃ ቧንቧህ በአለርጂ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል» አለችኝ። «በካሜራ አይተን ናሙና ካልወሰድን አይታወቅም። ማደንዘዣ ስለምንሰጥህ ሐሙስ ቤትህ የሚያደርስህ ሰው ይዘህ ና።»

ሰው። መርካቶ መሀል ጨርቅ ሱቅ ውስጥ እየሠራሁ ሰው አጣሁ። ከሱቁ ልጆች ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ካቆምኩ ዓመት አለፈኝ። እነሱ ጨርሰው ሲነሱ እኔ ገና ሁለተኛውን ጉርሻ አላምጣለሁ። አፈርኩና «በልቻለሁ» እያልኩ ከጣቃዎቹ ጀርባ ብቻዬን መብላት ጀመርኩ።

ሱቅ ስመለስ ምሳ ቀርቦ ነበር። እጄን ታጥቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ሦስት ዓመት አብሮኝ የሸጠው ቶላ አቀርቅሮ ሰማኝ።

«እኛ እኮ የተጸየፍከን መስሎን ነው መጥራት የተውነው» አለ።

ጎረስኩ። የጎረስኩት እስኪወርድ ድረስ ማንም እጁን ወደ ትሪው አልሰደደም።