መንቀጥቀጡና መንተባተቡ

እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ተርጓሚው አባት ከስልኩ ጋር ዓይንና ናጫ ሆኖ ነበር። ላፕቶፑ ከእጁ ወድቆ ከተሰባበረ በኋላ የቀረችው ያቺው ስልክ ናት፤ እሷ ደግሞ አንዱን ፊደል ሲነካ ጎረቤቱን ታመጣበታለች። ወፍራሙ ልብ ወለድ ግን ገና ግማሹ ላይ ነበር። አሳታሚው ወሩ እስኪያልቅ ካልደረሰለት ለሌላ ተርጓሚ እንደሚሰጠው በትሕትና ነግሮታል። ትሕትናው ነው የባሰ ያናደደው።

ሴት ልጁ የፋርማሲ ባለሙያ ናት። አንተ ተናገር፣ እኔ ልጻፍልህ ብትለው እንቢ አለ። የሚያስበው በጣቱ እንደሆነ፣ በአፉ ከጀመረ ሐሜት ብቻ እንደሚወጣው ነገራት። እሷም አልተከራከረችም፤ በማግስቱ የብሉቱዝ ኪቦርድና ማውስ ይዛ መጣች።

የኪቦርዱን ቁልፍ መብራቱ ብልጭ ድርግም እስኪል ያዘችው፤ ስልኩ አገኘውና ቁጥር አሳየ፤ ቁጥሩን በኪቦርዱ ጽፋ አስገባች፣ ተገናኙ። ማውሱም ሲገናኝ ስክሪኑ ላይ ትንሽ ቀስት ብቅ አለች። አባቷ ስልኬ ውስጥ አይጥ ገባች ብሎ ሳቀ። መጀመሪያ የሚወጣው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነበር፤ ከውጭ ኪቦርድ ጋር የሚሠራ የአማርኛ መጻፊያ እስክታገኝ ሁለቱም ላብ በላብ ሆኑ። ከዚያ ስልኩን ማቆሚያው ላይ አስደግፋ፣ ፊደሉን አተለቀችለትና ዞር አለች።

ሰውየው ጻፈ። መስኮቱ ሥር፣ ኪቦርዱን ጭኑ ላይ በሰሌዳ አስቀምጦ፣ ቀኑን ሙሉ ጻፈ። ለጣት የማይበቁ ጥቃቅን ፊደሎች ቀርተው እውነተኛ ቁልፍ ከሥሩ ሲያገኝ የጥንቱ ሰው ተመለሰ። የሳተውን ቃል ለማረም ቀስቷን በማውሱ ወስዶ እፊደሎቹ መሃል ጠቅ ያደርጋል፤ በጣቱ ቢሆን አንድ ሰዓት ይታገል ነበር። ልጅቱ ከበሩ ቆማ ስታየው ኮራችበት፤ እንዲህ ያለ አባት ስላላት ደስ አላት።

ጽሑፉ ኢንተርኔት ላይ ስለሚቀመጥ በእሷም ስልክ ይከፈታል። አንድ ቀን ስታነበው እጁ እያመለጠው ቁልፉን ሁለቴ ሦስቴ እንደሚጫን አየች፤ «ልልጅ»፣ «ብብብዙ»። ከዚያ ወዲህ ሥራ ከመግባቷ በፊት ሹልክ ብላ የተደጋገመውን ሁሉ ታጠፋለች። እሱ እንዳያፍር ብላ ነው።

አንድ ጠዋት ጠራትና ከጎኑ አስቀመጣት። አልተቆጣም።

«ሰዓት ሠሪውን ከመንተባተቡ ማን አዳነው?» አላት።

አልገባትም። የመጽሐፉ ዋና ሰው፣ ሰዓት ሠሪው፣ ተብታባ እንደሆነ ነገራት። ሕይወቱን ሙሉ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይሰናከል አልጨረሰም። በመጨረሻው ገጽ ግን ሰዓት ሰርቀሃል ተብሎ ለተከሰሰ ልጅ ሸንጎ ፊት ይቆምና አንዲት ዐረፍተ ነገር ቀጥ አድርጎ ይናገራል። መጽሐፉ ያ ነው።

«በፊደሎቹ መሃል ሰረዝ የለበትም እኮ» አለች ድምፅዋ ቀጥኖ። «የእጅህ መሰለኝ።»

«ሰው ሲንተባተብ ሰረዝ አያስቀምጥም። መንቀጥቀጡ የኔ ነው፣ ልጄ፤ መንተባተቡ ግን የሰውየው ነው። የኔን ስታጠፊ የሱንም ይዘሽበት ሄድሽ።»

ልታለቅስ ነበር፤ ጊዜ አልነበረም እንጂ። ስልኩን ተቀብላ ቅንብሩ ውስጥ ገባች። ከተደራሽነት ምርጫዎቹ መሃል፣ የውጭ ኪቦርድ አንድ ቁልፍ በፍጥነት ተደጋግሞ ሲነካ ድጋሚውን እንዳይቆጥር የሚያደርግ ነገር አገኘችና አበራችው። እጁ ቢንቀጠቀጥ ስልኩ አንዷን ብቻ ይጽፋል፤ ቆም ብሎ ደግሞ ከተጫነ ግን ሁለተኛዋንም ይቀበላል። አባቷ «ብ» ጻፈ፣ ቆየ፣ «ብ» ጻፈ፣ ቆየ። ቆይታው ራሱ መንተባተብ ይመስል ነበር።

«ይኼስ ሰውየውን ያውቀዋል» አለ።

የጠፋውን ሁሉ ከዋናው መጽሐፍ ጋር እያስተያየ፣ በማውሱ ቦታ ቦታው እየገባ መለሰው። ልጅቱ አንዲት ፊደል አልነካችም። እጇን እንዴት እንደያዘችው እሷ ታውቃለች።

ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ ፋርማሲው ጭር ባለበት ሰዓት ስልኳን ከፈተች። የመጨረሻው ገጽ ላይ ፊደሎቹ እፊቷ እየወጡ ነበር፤ አባቷ ቤት ሆኖ እየጻፈ ነው። ሰዓት ሠሪው ተነሣ። ሸንጎው ሳቀበት። ከዚያ ዐረፍተ ነገሩ ፊደል በፊደል መጣ፦

«ሰዓቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ድጋሚ ፊደል እንዳይመጣ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። አልመጣም። መድኃኒት ሊገዛ የገባ ሰው ምን ሆነሽ ብሎ ጠየቃት፤ እንባዋን ጠርጋ ቀና ልትል ስትል ከሥሩ ሌላ መስመር ወጣ።

«ይቺን ደግሞ እንዳታርሚያት።»