በሊጥ የታሸገው ድስት

ሸጉፍታ በሕንዷ ላክናው ከተማ የሰርግ አዳራሽ ስታስተዳድር ሃያ ዓመቷ ነው፤ በጥሪው ሰዓት የደረሰ የሙሽራ አጃቢ ግን አይታ አታውቅም። ወጥ ቤቱም ያንን ለምዶ ቢርያኒ የሚባለውን የሥጋና የሩዝ ምግብ ድስት በሊጥ አሽጎ የሚጥደው አንድ ሰዓት አዘግይቶ ነው። ዛሬ አጃቢው በሰዓቱ ከች አለ።

ማይክ አነሳች።

«እንግዶቻችን፣ ይቅርታ፤ ጥፋቱ የኛ ነው። ቢርያኒው አርባ ደቂቃ ይቀረዋል። አሁን ከባብ ይዞራል፤ የሙሽሮቹ ፎቶ ይቅደም። ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ራት ይቀርባል።»

«ምን አርባ ደቂቃ! ድስቱን ክፈቺው!» ብለው የሙሽራው አጎት ሚርዛ ሳሂብ ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ።

«እንፋሎቱ ከወጣ ሩዙ ሳይበስል ይቀራል።»

«አንቺ ማን ነሽና ነው የምትከለክይኝ?»

ሸጉፍታ ከከባቡ ጠረጴዛ ቢላዋ አንሥታ ከማይኩ ጋር ዘረጋችላቸው።

«እሺ፣ ሊጡን እርስዎ ይቁረጡት። መጀመሪያ ግን ‹ጥሬ ሩዝ ያበላኋችሁ እኔ ነኝ› ብለው ለሰዉ ይንገሩልኝ።»

ሚርዛ ሳሂብ ቢላዋውን አዩ፤ ማይኩን ብቻ ተቀበሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እ... ከባቡ በኛ በኩል ይጀምር» አሉ።