ሙጫ ያለበት እጅ

ራግና ጥዶቹን ያየችው እሁድ ጠዋት ነው። ከመንገዱ በኩል ምንም የሆኑ አይመስሉም። ወደ ውስጥ ገባ ብላ ስታይ ግን፣ በነፋስ ወፍጮው ፊት ለፊት የቆሙት ሁሉ ጉልበት በሚደርስ ከፍታ ላይ ቅርፊታቸው ዙሪያውን ተልጧል። ነጩ እንጨት እርጥብ ነበር፤ ሙጫው ገና ይንጠባጠባል። እንዲህ የተላጠ ጥድ ወዲያው አይወድቅም። ቆሞ ይሞታል።

ምራቋን ተፋች።

ጥዶቹን የተከላቸው አባቷ ነው። በምዕራብ ዩትላንድ አፈሩ ቀላል ነው፤ የጸደይ ነፋስ ከባሕሩ ሲመጣ የተተከለውን ድንች ከነአፈሩ አንስቶ ይሄዳል። የጥዱ ረድፍ ካለ አፈሩ ይቀመጣል። ስለዚህ በዚያ አገር የሰውን ጥድ መንካት የሰውን ላም ከበረት አውጥቶ እንደማረድ ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት፣ መንደሩ መብራት የሚሰጥ የነፋስ ወፍጮ በማኅበር ሲያቆም ነው። ብረት ሠሪው ቪላስ፣ «የራግና ጉብታ ላይ ይቁም» ብሎ ነበር። ሊቀመንበሩ ኢቨር ግን የራሱን ረባዳ ሜዳ አቀረበ። በመንደሩ ወፍጮ በደጁ የቆመለት ሰው ክብሩም ወሬውም የእሱ ነው። «ጉብታው ላይ ትንሽ ይበልጥ ይነፍስ ይሆናል፤ እዚህም ይነፍሳል» አለ። ሚስቱ ቲራ ያን ቀን ሰባት ዓይነት ኬክ ጋግራ ነበር። የሰው ኬክ እየበሉ ሰውየውን መቃወም በዚያ አገር ነውር ነው። ራግና፣ «ረባዳ እኮ ነው» ስትል እህቷ ዶርቴ በጠረጴዛው ስር እግሯን ረገጠቻት። ሁሉም እጁን አወጣ።

ወፍጮው ቆመ። የሚሰጠው ግን የታሰበውን ግማሽ ብቻ ሆነ። በዚህን ጊዜ ኢቨር ጥፋተኛ አገኘ፤ ጥዶቹ ናቸው አለ። ይቆረጡልን ብሎ ላከባት፤ እንቢ አለች። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ማኅበሩ የሚሰበሰበው በዚሁ ጉዳይ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቪላስን አገኘችው።

«ቪላስ፣ ቁርጡን ንገረኝ። ጥዶቹ ናቸው?»

«በከፊል» አለ። ዋሽቶ አያውቅም። «ሁለቱንም ቦታ በተመሳሳይ ሰዓት ለክቻለሁ። ጉብታሽ ላይ ነፋሱ በሰከንድ ሰባት ሜትር ተኩል ሲሄድ፣ ረባዳው ውስጥ ስድስት ነው። ጥዶቹ ቢወድቁ ስድስት ተኩል ይደርስ ይሆናል። ቀሪውን የሚይዘው ጉብታው ራሱ ነው።»

«ከሰባት ተኩል ስድስት ብዙ አይጎድልም።»

«አንድ አምስተኛ ነው የጎደለው። ጉልበቱ ግን በግማሽ ይወድቃል። ነፋስ ሲፈጥን በክንፉ መካከል የሚያልፈው አየር ይበዛል፤ በዚያ ላይ እያንዳንዱ አየር ይበልጥ ይመታል። ፍጥነቱን በራሱ ሦስት ጊዜ ነው የምታባዢው። ከፍጥነቱ ከአሥር እጅ ስምንቱ ነው የቀረው፤ ስምንት ጊዜ ስምንት፣ እንደገና በስምንት፤ አምስት መቶ አሥራ ሁለት። ከሺህ።»

«ኢቨር ይህን ያውቃል?»

ቪላስ ኮፍያውን አስተካከለ። «መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ነግሬዋለሁ። ለኮሚቴው ሁሉ ነግሬአለሁ።»

 ባያውቁ ኖሮ ራግና ሞኞች ናቸው ብላ ታልፋቸው ነበር።

በመንደሩ አዳራሽ ወግ አለ። የመጣ ሰው ሁሉ ከመቀመጡ በፊት ጠረጴዛውን ዞሮ እያንዳንዱን በእጁ ይጨብጣል፤ የተኳረፈም ይጨብጣል። ራግናም ዞረች። የኢቨር እጅ ደረቅና ንጹሕ ነበር። የቲራን እጅ ዱቄት ነክቶታል። ዶርቴ ቀና ብላ ሳታያት ጨበጠቻት። ከዶርቴ ቀጥሎ ባሏ ክሬስተን ተቀምጧል።

እጁ ከእጇ አልላቀቅ አለ።

መዳፉ ያጣብቃል። በጣቶቹ መካከል ጥቁር ነገር ደርቋል፤ ቅቤ ቀብቶ ፈግፍጎታል፣ አልለቀቀም። የጥድ ሽታና የቅቤ ሽታ አብረው መጡ። ክሬስተን እጁን ሳብ አድርጎ ከጠረጴዛው ስር ደበቀ።

እሷ ሳትቀመጥ ቆመች። መዳፏን ገልጣ አየችው።

«ተቀመጪ እንጂ ራግና» አለች ቲራ። «ይኸው፣ የለውዙን ኬክ ቅመሺ።»

«አልበላም።»

 በዚያ ቤት ኬክ አልበላም ያለ ሰው አልነበረም።

ኢቨር ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ሁላችንም ጎረቤት ነን። ጉዳዩ ስለ ጥቂት ዛፎች ነው። ካልሆነ ክንፉን እናስረዝማለን። ሰባት ሜትር ነው፤ ክንፍ ሲረዝም የሚጠርገው ክብ ይሰፋል። አይደለም ቪላስ?»

«ይሰፋል» አለ ቪላስ። «ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን ክቡ አራት እጥፍ ነው። አንተ የጎደለህን ለመሙላት ግን ክንፉ አሥር ሜትር መድረስ አለበት። ማማውም ፍሬኑም የተሠሩት ለሰባት ነው። በመጀመሪያው አውሎ ነፋስ ክንፉን ከቲራ ወጥ ቤት ውስጥ ታገኘዋለህ።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ሳል አስመሰለው።

«ስለዚህ ወደ ጥዶቹ እንመለስ» አለ ኢቨር።

«ጥዶቹ ሞተዋል» አለች ራግና።

ማንም «እንዴት?» አላለም። ራግና የጠበቀችው ያን አንድ ቃል ነበር። ፊታቸውን በተራ አየች። አንዱ ኬኩን ይቆርሳል፣ አንዱ ሲኒውን ያዞራል። ሁሉም ያውቁ ነበር።

«ክሬስተን፣ እጅህን ጠረጴዛ ላይ አውጣ» አለች።

«ምን ሆነሻል አንቺ? እጄ ምን አደረገ?»

«ከሠርግህ ቀን ጀምሮ ዳቦዬን ስትበላበት ኖረሃል። አውጣውና ይዩት።»

«እህቴ፣ በሰው ፊት!» አለች ዶርቴ።

«በሰው ፊት ካልሆነ እግሬን ትረግጪኛለሽ።»

ክሬስተን እጁን አላወጣም። ፊቱ ቀላ። «ለመንደሩ ብዬ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺ ግትር ነሽ። ኢቨር ራሱ...»

«እኔ ላጣቸው አላልኩህም!» ብሎ ኢቨር ጮኸ። «ቢደርቁ ጥሩ ነበር ነው ያልኩት!»

ራግና መዳፏን በቲራ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ጠረገች። ቡናማ ጭረት ቀረ።

«ጥዶቹ ቢወድቁ ከሦስት እጅ ሁለቱን ታገኛላችሁ» አለች። «ሦስተኛውን ጉብታው አይሰጣችሁም። የእኔን ድንች ግን አሸዋ ይበላዋል። ይህን ሁላችሁም ከመሠረቱ በፊት ታውቁ ነበር። ኬክ እየበላችሁ እጅ አወጣችሁ። ከማኅበራችሁ ወጥቻለሁ።»

ማንንም ሳትጨብጥ ወጣች።

በጋው ሳያልቅ ቪላስ ጉብታው ላይ ትንሽ ወፍጮ አቆመላት፤ ክንፉ አምስት ሜትር ብቻ ነው። የሚጠርገው ክብ የማኅበሩን ግማሽ ቢሆን ነው። ኢቨር ከአጥሩ ማዶ ቆሞ አየውና፣ «የዶሮ ቤት ማራገቢያ!» አለ፤ መንደሩም ሳቀ።

በመጸው ሳቁ ቀረ። ትንሹ ክንፍ በጉብታው ነፋስ ትልቁ በረባዳው የሚሰጠውን ያህል ሰጠ፤ ክቡ ግማሽ፣ የነፋሱ ጉልበት ግን እጥፍ ነው። ነፋሱ ሲለዝብ ደግሞ ትልቁ ቆሞ ሳለ ትንሹ ይዞራል። ከአዳራሹ መስኮት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቲራ መጋረጃ ሰቀለች።

ጥዶቹ በሁለተኛው ዓመት ቀይ ሆኑና መርፌያቸውን አራገፉ። ክሬስተን በዶርቴ በኩል፣ «ልቁረጥላትና ማገዶ ታድርጋቸው» ብሎ ላከ። ራግና እንቢ አለች። የደረቀ ግንድም ቢሆን ጥቂት ነፋስ ያዘገያል። በግንዶቹ መካከል ችግኝ ተከለች፤ ችግኞቹ እስኪደርሱ ሬሳዎቹ ይቁሙ አለች፣ በኢቨር ወፍጮ ፊት ለፊት።

ዶርቴ አንዳንድ ጊዜ ብቻዋን ትመጣለች። ራግና በሩን ትከፍትላታለች፣ ወንበርም ትሰጣታለች። እጇን ግን አትሰጣትም።